የገጹ ግንባር፦ ርእስ፣ ፎቶና በተን በስልክ ስክሪን ላይ የት ይቀመጡ?

አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ሥልጠና ወይም ስብሰባ ከከተማ ወጣ ብሎ ለማካሄድ ሲያስብ መጀመሪያ ከሚነሱት ስሞች መካከል አዳማና ቢሾፍቱ ይገኛሉ። ለሽርሽር ለሚወጣው ደግሞ ሶደሬ፣ ባቱና ላንጋኖ አሉ። በነዚህ የስምጥ ሸለቆ ቦታዎች ሆቴል፣ ሎጅ ወይም አዳራሽ ያላቸው ሰዎች አሁን አሁን ላንዲንግ ፔጅ ያሠራሉ። ላንዲንግ ፔጅ ጎብኚውን ወደ አንድ ተግባር ብቻ ለማምራት የሚዘጋጅ ነጠላ ገጽ ነው፤ እዚህ ላይ ተግባሩ ደውሎ ቦታ መያዝ ነው። ሊንኩ በቴሌግራም ይላካል፣ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፤ ተቀባዩም ታክሲ ውስጥ ወይም ቢሮ ኮሪደር ላይ ሆኖ በስልኩ ይከፍተዋል።

ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ገጹ ሲከፈት በመጀመሪያ በሚታየው ክፍል ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ሂሮ ሴክሽን ይሉታል፤ እኔ የገጹ ግንባር እለዋለሁ። በውስጡ በዋናነት የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ርእስ፣ ፎቶና በተን። በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ሦስቱም ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ብዙ ችግር የለም። በስልክ ላይ ግን አንዱ ከሌላው በላይ መደርደር አለበት፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ራሱ ውሳኔ ይሆናል። የመጨረሻው ቦታ የደረሰው ነገር ከስክሪኑ ውጭ ሊቀር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚቀረው በተኑ ነው።

በሥራ ላይ የሚታዩት አቀማመጦች አራት ያህል ናቸው። የመጀመሪያው ፎቶው መላውን ስክሪን ሞልቶ ርእሱና በተኑ በላዩ የሚጻፉበት ነው። ሁለተኛው ፎቶ ከላይ፣ ጽሑፍ መሃል፣ በተን ከታች የሚሆንበት ነው። ሦስተኛው ርእስና በተን ቀድመው ፎቶው ከሥራቸው የሚመጣበት ሲሆን፣ አራተኛው በተኑ ከስክሪኑ ግርጌ ተጣብቆ ገጹ ወደ ታች ሲሳብም ከቦታው የማይነቃነቅበት ነው። ፎቶዎች በየተራ የሚቀያየሩበት ተንሸራታች ግንባርም በየቦታው ይታያል፤ እሱን ግን ቶሎ ማለፍ ይቻላል። ኤሪክ ረንየን የተባሉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካውን የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ መረጃ መርምረው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተንሸራታቹን የነካው ከመቶ ጎብኚ 1 ገደማ ብቻ ነበር፤ ከነኩትም አብዛኞቹ የነኩት የመጀመሪያውን ፎቶ ነው። አምስት ፎቶ ጭኖ አንዱን ብቻ ማሳየት ጎብኚውን ሜጋባይት ማስከፈል ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከአራቱ የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ ስክሪኑ ውስጥ ስንት ፒክስል ቦታ እንዳለ መቁጠር ያስፈልጋል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ 80 ሰው የሚይዝ አዳራሽና ጥቂት የመኝታ ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አለ እንበል። ርእሱ «አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ለ80 ሰው አዳራሽና ማረፊያ» ይላል። ከሥሩ ስለ ዋጋና ስለ መኪና ማቆሚያ የምትናገር ሁለት መስመር ጽሑፍ አለች። በተኑ «ይደውሉ» ይላል።

ብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮች በድረ ገጽ ልክ ሲታዩ ወርዳቸው 360 ፒክስል ገደማ ነው። ቁመታቸው ግን ይለያያል፤ አዲሶቹ ረጃጅሞቹ 800 ሲደርሱ የቆዩት አጫጭሮቹ 640 ናቸው። ከዚህ ላይ ሰዓትና ባትሪ የሚታይበት የላይኛው ጠርዝ 24፣ የብሮውዘሩ አድራሻ መጻፊያ 56፣ ከታች ያሉት የስልኩ ሦስት መመለሻ ምልክቶች 48 ያህል ይወስዳሉ። ለገጹ የሚቀረው በረጅሙ ስልክ 672፣ በአጭሩ 512 ፒክስል ነው። ሊንኩ በቴሌግራም ውስጥ ሲከፈትም ቴሌግራም የራሱን መደብ ከላይ ስለሚያስቀምጥ ሒሳቡ ከዚህ ብዙም አይሻልም።

አሁን ወጪውን እንደምር። ስምና የቋንቋ መምረጫ ያለበት የገጹ ራስጌ 56 ይወስዳል። ርእሱ በ28 ፒክስል ፊደል ሦስት መስመር ይሆናል፤ ለፊደላችን የሚስማማ የመስመር ክፍተት ሲሰጠው 118 ነው። ሁለቱ የማብራሪያ መስመሮች 51፣ በተኑ 48፣ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ በድምሩ 64። ፎቶው ሳይጨመር 337 ደርሰናል። አንድ 16 ለ 9 የሆነ አግድም ፎቶ በ360 ወርድ ላይ 202 ቁመት አለው። ሲደመር 539 ይሆናል።

539ን ከ672 ጋር ሲያስተያዩት በቂ ቦታ አለ። ከ512 ጋር ሲያስተያዩት ግን 27 ፒክስል ይጎድላል። ፎቶው ከላይ፣ በተኑ ከታች ከሆነ ያ ጉድለት የሚያርፈው በበተኑ ላይ ነው፤ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል፣ «ይደውሉ» የሚለውም ቃል ከወገቡ በታች አይታይም። ፎቶው 4 ለ 3 ከሆነ ቁመቱ 270 ይሆናል፤ ያኔ በተኑ ጨርሶ ከስክሪን ውጭ ነው። ዲዛይነሩ አዲስና ረጅም ስልክ ስለሚይዝ ይህን አያየውም። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። የሚያየው አሮጌ ስልክ የያዘው ደንበኛ ነው፤ እሱም ቅሬታውን አይናገርም፣ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ሊንክ ያልፋል።

ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ርእስ፣ ማብራሪያ፣ በተን፣ ከዚያ ፎቶ ብናደርገው ያው 27 ፒክስል የሚጎድለው ከፎቶው ግርጌ ነው። የአዳራሹ ወለል ትንሽ ቢቆረጥ ማንም አይጎዳም፤ እንዲያውም የተቆረጠ ፎቶ ገጹ ወደ ታች እንደሚቀጥል ይጠቁማል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ሦስተኛውን አቀማመጥ የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስልኩ ሲያጥር የሚጎዳው አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ የሚጎዳውም ለመጎዳት የሚችለው ይሁን።

ስለ መጀመሪያው አቀማመጥ፣ ስክሪን ስለሚሞላው ፎቶ፣ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል፤ የሎጅ ባለቤቶች የሚወዱት እሱን ነውና። ሐይቅ ያለው ሰው ሐይቁን ማሳየት ይፈልጋል፤ ፍላጎቱም ትክክል ነው። ችግሩ የሐይቅ ፎቶ አግድም መሆኑ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ሐይቁንና ከበስተጀርባ ዝቋላን አንድ ላይ የያዘ 3 ለ 2 የሆነ ፎቶ አለ እንበል። ይህ ፎቶ 672 ቁመት ያለውን ስክሪን እንዲሞላ ሲደረግ ወርዱ 1008 ይሆናል፤ ስክሪኑ የሚያሳየው ግን 360ውን ብቻ ነው። ከፎቶው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተቆርጦ ወደቀ ማለት ነው። ብሮውዘሩ ካልታዘዘ በቀር መሃሉን ስለሚያስቀር፣ ተራራው ጠርዝ ላይ ከነበረ ይጠፋል፤ የሚቀረው የትም ሊሆን የሚችል ውሃ ነው። መፍትሔው ለስልክ የተለየ ቁም ፎቶ ማንሳት ነው። ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ አንድ ፎቶ መድገም ብዙ አይጠይቅም፤ ፎቶ አንሺውን ግን አስቀድሞ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

በፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላም ችግር አለው። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ርእስ 3 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ነጭ ፊደል በመካከለኛ ግራጫ `#777777` ላይ 4.48 ስለሚሰጥ ለተራ ጽሑፍ ጥቂት አንሶ ይወድቃል። የእኩለ ቀን የስምጥ ሸለቆ ሰማይ ከዚያ ግራጫ በጣም የነጣ ነው። ቢሮ ውስጥ ደብዘዝ ባለ ብርሃን የሚያምር ነጭ ርእስ፣ አዳማ መናኸሪያ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው እጁን ከስክሪኑ በላይ ጋርዶም ላያነበው ይችላል። ፎቶው ላይ ጥቁር ግልጽ ሽፋን መደረብ ይረዳል፤ ግን ሽፋኑ ለማንበብ በሚበቃ መጠን ሲጠቁር ሐይቁም አብሮ ይጨልማል። ሐይቁን ለማሳየት ተብሎ ሐይቁን ማጨለም ነው።

ሦስተኛው ችግር ቁመቱ ነው። ቴምፕሌቶቹ ግንባሩ ስክሪን እንዲሞላ `100vh` ብለው ያዛሉ። የስልክ ብሮውዘሮች ይህን ቁመት የሚለኩት የአድራሻ መጻፊያው ተሰብስቦ የጠፋ አድርገው ነው፤ ገጹ ገና ሲከፈት ግን መጻፊያው አለ። በዚህ ምክንያት ከግርጌ የተቀመጠ በተን በ56 ፒክስል ያህል ወደ ታች ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የወጡት ዋና ዋና ብሮውዘሮች `svh` የሚባል ትንሹን ቁመት የሚለካ መለኪያ ያውቃሉ። ስክሪን ሙሉ ግንባር የግድ ከሆነ እንዲህ ይጻፋል፤ የቆየ ብሮውዘር ሁለተኛውን መስመር ስለማያውቀው በመጀመሪያው ይቀጥላል፦

```css
.ginbar {
  min-height: 100vh;
  min-height: 100svh;
}
```

የፎቶው ክብደት ደግሞ የኪስ ጉዳይ ነው። ስልክ ያነሳው 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ እንዳለ ሲጫን 4 ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል። ኔትወርኩ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያወርድበት ቦታ ላይ ያ ፎቶ ለመምጣት 32 ሴኮንድ ይፈልጋል፤ ጎብኚው የገዛው ፓኬጅ 50 ሜጋባይት ከሆነም 12 ጊዜ ያህል በተከፈተ ጊዜ ያልቃል። ለ360 ስክሪን የሚያስፈልገው ግን 720 በ405 የሆነ ፎቶ ነው፤ ስክሪኑ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ፒክስል ቢጠቀም እንኳ ይበቃዋል። ይህ በዌብፒ ሲቀመጥ ወደ 60 ኪሎባይት ሊወርድ ይችላል፤ በዚያው ኔትወርክ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው። ጉግል ትልቁ የገጽ አካል እስኪታይ ድረስ የሚያልፈውን ጊዜ ሲለካ ጥሩ የሚለው 2.5 ሴኮንድና ከዚያ በታች ነው፤ በግንባሩ ላይ ያ ትልቁ አካል አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ነው።

እዚህ ላይ የሚደጋገም አንድ ስሕተት አለ። ገጽ ሠሪዎች ፍጥነት ለመጨመር ብለው ሁሉንም ፎቶዎች `loading="lazy"` ያደርጋሉ። ይህ ከታች ላሉት ፎቶዎች ጥሩ ነው፤ ለግንባሩ ፎቶ ግን ተቃራኒውን ያመጣል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበትን ያዘገየዋል። የግንባሩ ፎቶ ቅድሚያ ተሰጥቶት፣ ወርዱና ቁመቱም ተጽፎ እንዲህ ይቀመጣል፦

```html
<img src="adarash-720.webp"
     width="720" height="405"
     alt="80 ሰው የሚይዝ የስብሰባ አዳራሽ"
     fetchpriority="high">
```

ወርድና ቁመት የሚጻፍበት ምክንያት አለው። ብሮውዘሩ የፎቶውን ልክ አስቀድሞ ካላወቀ ቦታ አያስቀምጥለትም። ፎቶው ዘግይቶ ሲደርስ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ወደ ታች ይገፋል። ፎቶ ከበተን በላይ በሆነባቸው ገጾች ላይ ጣቱን «ይደውሉ» ላይ ሊያሳርፍ የነበረ ሰው በድንገት ሌላ ነገር የሚነካው በዚህ ነው።

ወደ ርእሱ እንምጣ። ከምናያቸው ርእሶች ብዙዎቹ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ» ይላሉ። ትሕትናው መልካም ነው፤ ግን ሁለት ሦስት መስመር ወስዶ ምን እንዳለ፣ የት እንዳለ አይናገርም። አዳራሽ የሚፈልግ ሰው ሦስት ጥያቄዎች አሉት፦ ምንድን ነው፣ የት ነው፣ ለስንት ሰው ይሆናል? ምሳሌያችን ላይ ያለው ርእስ ሦስቱንም መልሷል። የቦታው ስም ሰው በሚያውቀው ምልክት መነገሩ ደግሞ ለኛ ከተሞች ከመንገድ ቁጥር ይሻላል።

ርእሱ በአማርኛ ሲጻፍ ቴምፕሌቱ ለላቲን ፊደል የተሠራ መሆኑን መርሳት አይገባም። የላቲን ርእሶች መስመሮቻቸው ተጠጋግተው 1.1 በሆነ ክፍተት ሲቀመጡ ያምራሉ፤ ፊደላችን ግን ከላይም ከታችም ቅጥያ ስላለው በዚያ ክፍተት የላይኛው መስመር እግር የታችኛውን ራስ ይነካዋል። 1.4 ያህል ይሰጠው። ሌላው፣ ብዙ ቴምፕሌቶች ርእስን የሚያጎሉት ሁሉንም ፊደል ትልቅ በማድረግ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት ስለሌለው ትእዛዙ ምንም አያደርግም፤ ርእሱም ከሥሩ ካለው ጽሑፍ ሳይለይ ይቀራል። ስለዚህ ጉልህነቱን በመጠንና በውፍረት መስጠት ያስፈልጋል።

አዳማ ላይ ይህ ጉዳይ ሁለት ገጽታ አለው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነውና ገጹ በሁለቱም ቋንቋዎች መውጣት ይገባዋል። በቁቤ ሲጻፍ ያው ትእዛዝ ይሠራል፤ ያውም ከሚገባው በላይ። `Galma Walga'ii fi Mana Keessummaa` የሚለው የአዳራሽና የእንግዳ ማረፊያ ርእስ በሙሉ ወደ ትልልቅ ፊደል ሲቀየር ይሰፋል፤ በጠባብ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ሊጨምር ይችላል። አንድ መስመር 39 ፒክስል ነው፤ በአጭሩ ስልክ ላይ ከበተኑ በላይ ፎቶ ካለ በተኑን ይበልጥ ያሰምጠዋል። ስለዚህ ግንባሩ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ተለክቶ አይጠናቀቅም። በረዘመው ቋንቋ መለካት አለበት።

ለርእስ ብሎ ከበድ ያለ የፊደል ፎንት ከኢንተርኔት ማስጫንም አልደግፍም። የኛ ፊደላት በመቶዎች ስለሚቆጠሩ ፋይሉ ከላቲኑ ይከብዳል፤ ዘግይቶ ሲደርስም ርእሱ ቅርጹን ቀይሮ የመስመሩ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። ስልኩ ላይ ያለው ፊደል ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

የቀረው በተኑ ነው። በመጠኑ ላይ ብዙ ክርክር የለም፤ ጉግል ለአንድሮይድ 48፣ አፕል ለራሱ ስልኮች 44 ይላሉ። እኛ 48 አድርገናል። የሚያከራክረው ቦታው ነው። ስቲቨን ሁበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 1,333 ሰዎችን መንገድ ላይና በየቦታው ተመልክተው፣ ስክሪኑን ሲነኩ ከነበሩት 49 ከመቶው ስልካቸውን በአንድ እጅ ይዘው አግኝተዋል። በአንድ እጅ የያዘ ሰው አውራ ጣቱ በቀላሉ የሚደርሰው ወደ መሃልና ወደ ታች ነው። በሒሳባችን ላይ በተኑ ከ250 ፒክስል ገደማ በታች ስለሚጀምር ለአውራ ጣት ሩቅ አይደለም። አራተኛው አቀማመጥ፣ ከግርጌ የሚጣበቀው በተን፣ ለገጹ ቀሪ ክፍል ጥሩ ነው፤ ሰው ፎቶዎቹንና ዋጋውን አይቶ ሲጨርስ በተኑ አብሮት ይኖራልና። ነገር ግን ከስልኩ መመለሻ ምልክቶች ጋር ከተጣበቀ «ይደውሉ»ን ሊነካ የፈለገ ሰው ሳያስበው ከገጹ ሊወጣ ይችላል። በመካከላቸው 12 ፒክስል ያህል ክፍተት ይተው።

በተኑ ላይ ምን ይጻፍ? «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚለው የትም አያደርስም። «አሁን ቦታ ይያዙ» የሚለው ደግሞ ሲነኩት ረጅም ቅጽ ከከፈተ ተስፋ ያስቆርጣል። እዚህ አገር አዳራሽ የሚያዘው በስልክ ተነጋግሮ ነው፤ ዋጋው ይጠየቃል፣ ቀኑ ይነገራል፣ ቅድሚያ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ዋናው በተን በቀጥታ የሚደውል ይሁን፤ ቁጥሩም በላዩ ላይ ይታይ። ከሌላ መተግበሪያ ውስጥ የተከፈተ ገጽ አንዳንድ ጊዜ የመደወያ ሊንክን አይቀበልም፤ ያኔ ቁጥሩን ያየ ሰው ራሱ ይጽፈዋል።

```html
<a href="tel:+251220000000">ይደውሉ፦ 022 000 0000</a>
```

ቴሌግራም ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ከጎኑ በቀጭን መስመር ብቻ ቢታጠር ይበቃል። ሁለት እኩል የደመቁ በተኖች ሲቀመጡ ጎብኚው መምረጥ ላይ ይቆማል።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለባት አንዲት መስመር አለች። ይህች ከሌለች ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ወርድ ያለው አድርጎ ይሥለውና አሳንሶ ያሳየዋል፤ ከላይ የደመርነው ሁሉ ዋጋ ያጣል፦

```html
<meta name="viewport" content="width=device-width, initial-scale=1">
```

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጽሑፉ ጉንዳን አክሎ ሰው ስክሪኑን በሁለት ጣት መለጠጥ ከጀመረ መስመሯ የለችም።

ሁልጊዜ ርእስና በተን ይቅደሙ ማለቴ ግን አይደለም። ላንጋኖ ዳር ያለ ሎጅ የሚሸጠው ዳርቻውን ነው፤ ደንበኛውም ለመወሰን የሚያስፈልገው ማየት ነው። እዚያ ፎቶው ከላይ መሆኑ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ቁመቱ ከ170 ፒክስል ባይበልጥ፣ ጽሑፉም በላዩ ሳይሆን ከሥሩ ቢሆን ያንን 512 ፒክስል ስክሪን አያልፍም። ባቱ ላይ የመኪና ዕቃ ወይም የእርሻ ፓምፕ የሚሸጥ ሰው ግን ፎቶውን ከበተኑ በታች ቢያደርገው ምንም አይጎድልበትም።

ገጽ ለምታሠሩ ባለቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ቀሪውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ሊንኩን በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ። ከሠራተኞቻችሁ መካከል አጭርና አሮጌ ስልክ ከያዘው ተዋሱና ዋይፋይ ሳይከፈት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ክፈቱት። በኦሮምኛም በአማርኛም እዩት። ገጹን ወደ ታች ሳትስቡ ርእሱን አንብባችሁ «ይደውሉ» የሚለውን ሙሉ በሙሉ ካላያችሁ፣ ገጹ አላለቀምና ለሠሪው መልሱለት።